ለማይዘልቅ ዕድገት ስንት ይከፈላል?

እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ አንድ የኮካ ኮላ አክሲዮን በኒው ዮርክ ገበያ 36 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ኩባንያው በዚያ ዓመት ለእያንዳንዱ አክሲዮን የከፈለው የትርፍ ድርሻ 1.02 ዶላር ነው። በ2006 ይኸው ድርሻ 62 ሳንቲም ነበር። (በ2012 አንዱ አክሲዮን ለሁለት ስለተከፈለ የቀድሞውን ቁጥር በዚያው ልክ አስተካክለነዋል፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በስድስት ዓመት ውስጥ ድርሻው በየዓመቱ በአማካይ ከስምንት ተኩል በመቶ በላይ አድጓል ማለት ነው። ታዲያ 36 ዶላር ውድ ነበር ወይስ ርካሽ?

ጥያቄውን ወደ ኋላ ተመልሰን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ቀን ቁጭ ብሎ የኮካ ኮላን ዋጋ ያሰላ ሰው ስለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት መገመት ነበረበት። እነዚያ አሥር ዓመታት አልፈዋል፤ በየዓመቱ ምን እንደተከፈለም ይታወቃል። የአክሲዮን ስሌት በመጽሐፍ ላይ ሲታይ ሁሌም ያምራል። ስሌቱን ከሆነው ነገር ጎን አስቀምጦ ማረም ግን ብዙ ጊዜ የሚደረግ ነገር አይደለም።

የስሌቱ መሠረት ቀላል ነው። አክሲዮን የገዛ ሰው ከኩባንያው በቀጥታ የሚያገኘው ነገር የትርፍ ድርሻ ብቻ ነው። ቢሸጠውም እንኳ የሚገዛው ሰው የሚከፍለው ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ድርሻ ነው። ስለዚህ የአክሲዮኑ ዋጋ ወደፊት የሚከፈሉት ድርሻዎች ሁሉ ድምር መሆን አለበት፤ ግን እያንዳንዱ ድርሻ በሚዘገይበት ጊዜ ልክ ተቀናንሶ። ይህን ሐሳብ አሜሪካዊው ጆን በር ዊልያምስ በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አብራርቶታል። የቅናሹን መጠን የሚወስነው ገዢው ከዚህ ዓይነት አክሲዮን በዓመት የሚፈልገው ተመላሽ ነው። ለኮካ ኮላ 8 በመቶ እንውሰድ። ከዓመት በኋላ የሚከፈል አንድ ዶላር ዛሬ ወደ 93 ሳንቲም ይጠጋል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚከፈለው ደግሞ 46 ሳንቲም ብቻ ነው።

ድርሻው በየዓመቱ በእኩል መቶኛ ለዘላለም ካደገ ማለቂያ የሌለው ድምር ወደ አንድ አጭር ስሌት ይጠቃለላል፦ የሚቀጥለውን ዓመት ድርሻ፣ ከሚፈለገው ተመላሽ ላይ ዕድገቱ ሲቀነስ በሚቀረው ቁጥር ማካፈል። ስሌቱ ማይረን ጎርደን በተባለው ምሁር ስም ይታወቃል። የኮካ ኮላ ድርሻ በ4 በመቶ ለዘላለም ያድጋል ካልን የ2013 ድርሻ 1.06 ይሆናል። 8 ሲቀነስ 4 በመቶ፣ 4 በመቶ ነው። 1.06ን በ4 በመቶ ስናካፍል 26.52 ዶላር እናገኛለን።

ግን ኩባንያው በዚያ ሰሞን በ4 በመቶ አልነበረም የሚያድገው። ትንሽ ለጋስ ሆነን ዕድገቱን 9 በመቶ ብንለው ስሌቱ ይሰበራል፤ 8 ሲቀነስ 9 ከዜሮ በታች ነውና የአክሲዮኑ ዋጋ ከመቶ ዶላር በላይ ዕዳ ሆኖ ይወጣል። እዚህ ላይ ተጠያቂው ሒሳቡ አይደለም። የጠየቅነው ጥያቄ ራሱ የማይሆን ነው። ምጣኔ ሀብቱ በ4 እና በ5 በመቶ በሚያድግ ዓለም ውስጥ በ9 በመቶ ለዘላለም የሚያድግ ኩባንያ ውሎ አድሮ ከዓለም ሀብት ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ ፈጣኑ ዕድገት የሆነ ቦታ ማብቃት አለበት። ባለ ሁለት ምዕራፍ ስሌት የተፈጠረው ይህን ማብቂያ ለማስገባት ነው።

በተለመደው መልኩ እንዲህ ይሠራል። በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ማለትም ከ2013 እስከ 2022 ባሉት አሥር ዓመታት፣ ድርሻው በ9 በመቶ ያድጋል እንላለን። የ2013 ድርሻ 1.11 ዶላር፣ የ2022 ደግሞ 2.41 ዶላር ይሆናል። እያንዳንዱን በ8 በመቶ ቀንሰን ስንደምር 10.73 ዶላር ይወጣል። እዚህ ዕድገቱ ከሚፈለገው ተመላሽ ቢበልጥም ችግር የለም፤ የሚደመሩት አሥር ቁጥሮች ብቻ ናቸውና ድምሩ ማለቂያ አለው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ከ2023 ጀምሮ ለዘላለም የሚቀጥለው የ4 በመቶ ዕድገት ነው። የ2023 ድርሻ 2.51 ዶላር ይሆናል፤ በ4 በመቶ ሲካፈል 62.78 ዶላር። ይህ አክሲዮኑ በ2022 መጨረሻ ላይ የሚኖረው ዋጋ ነው እንጂ የዛሬ ዋጋው አይደለም። የአሥር ዓመት ቅናሽ ሲደረግበት 29.08 ይሆናል። ሁለቱ ምዕራፎች ሲደመሩ 39.81 ዶላር።

ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህች ላይ ነው። 62.78ን ሳይቀንሱ ከ10.73 ጋር የሚደምሩ አሉ፤ 73 ዶላር ተኩል አግኝተው ገበያው ተሳስቷል ብለው ይደሰታሉ። የስሌቱ መነሻ የ2023 ድርሻ ስለሆነ የአሥራ አንድ ዓመት ቅናሽ የሚያደርጉም አሉ። በ2023 ድርሻ የተሰላው ዋጋ የሚገልጸው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ያለውን ቀን ስለሆነ ትክክለኛው አሥር ዓመት ነው። ስህተቱን ለመያዝ አንድ ቀላል መንገድ አለ፦ በሁለቱም ምዕራፎች 4 በመቶ አስገብቶ ማስላት። መልሱ በትክክል 26.52 ካልመጣ የሆነ ቦታ ዓመት ተዛንፏል።

እንግዲህ 39.81 ከ36 ስለሚበልጥ አክሲዮኑ ርካሽ ነበር ብሎ መግዛት ይቻላል። ነገር ግን ስሌቱ ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ድርሻው እስከ 2022 የመጨረሻ ቀን በ9 በመቶ ሲገሰግስ ቆይቶ በማግስቱ በድንገት ወደ 4 ይወርዳል። ክረምት እንኳ በአንድ ጀንበር አይወጣም፤ በነሐሴ የበረታው ዝናብ በመስከረም እየሳሳ ነው የሚሄደው። የኩባንያ ዕድገትም የሚከስመው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ነው። ተፎካካሪ ይመጣል፣ ያልተደረሰበት ገበያ ያልቃል፣ ኩባንያው ራሱ ይገዝፍና እያንዳንዱ ተጨማሪ በመቶኛ ይከብደዋል።

ስለዚህ ዕድገቱን በየዓመቱ በግማሽ በመቶ እናውርደው። በ2013 ስምንት ተኩል፣ በ2014 ስምንት፣ በ2015 ሰባት ተኩል እያለ በ2022 አራት ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ እዚያው ይረጋል። መነሻውና መድረሻው አልተቀየሩም፤ የተቀየረው የመንገዱ ቅርጽ ብቻ ነው። የ2022 ድርሻ 2.41 መሆኑ ይቀርና 1.87 ይሆናል። የአሥሩ ዓመታት ድርሻ የዛሬ ዋጋ 9.70፣ የቀሪው ዘመን ደግሞ 22.50 ዶላር ይመጣል። ድምሩ በግርድፉ 32.20 ዶላር ነው።

በሁለቱ መልሶች መካከል ሰባት ዶላር ተኩል ልዩነት አለ። የመጀመሪያው «ግዛ» ይላል፤ ሁለተኛው «ተወው»። ሁለቱም ኮካ ኮላ ዛሬ በ9 በመቶ እንደሚያድግና በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 4 እንደሚወርድ ይስማማሉ። የተለያዩት አወራረዱ ላይ ብቻ ነው። ስለ አክሲዮን ሲወራ ሰው ሁሉ የሚከራከረው ኩባንያው አሁን ምን ያህል እያደገ ነው በሚለው ላይ ነው። ዋጋውን የሚወስነው ግን ያ ዕድገት እንዴትና በምን ያህል ጊዜ እንደሚሞት ነው።

ዓመት በዓመት የሚከስመውን ዕድገት በእጅ ማስላት አድካሚ ነው። በ1984 ራስል ፉለር እና ቺ-ቼንግ ሲያ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሥራውን በአንድ መስመር የሚጨርስ አቋራጭ አቀረቡ፦

```
V = [ D0 × (1 + gL) + D0 × H × (gS − gL) ] / (r − gL)
```

D0 ዘንድሮ የተከፈለው ድርሻ ነው፤ r የሚፈለገው ተመላሽ፣ gS የዛሬው ፈጣን ዕድገት፣ gL ወደፊት የሚረጋበት ዕድገት ነው። H ደግሞ ዕድገቱ ለመክሰም ከሚወስድበት ጊዜ እኩሌታው ነው፤ በእኛ ምሳሌ አሥር ዓመት ስላልን H አምስት ይሆናል።

የዚህ ስሌት ውበቱ ለሁለት መከፈሉ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ኩባንያው ከዛሬ ጀምሮ በዝግታ ብቻ ቢያድግ የሚኖረው ዋጋ ነው፤ ቀደም ብለን ያገኘነው 26.52። ሁለተኛው ክፍል እየከሰመ ላለው ትርፍ ዕድገት የሚከፈለው ጭማሪ ነው፦ 1.02 በ5፣ ከዚያ በ5 በመቶ ተባዝቶ፣ በ4 በመቶ ሲካፈል 6.38 ዶላር ይሆናል። ሲደመሩ 32.90። ዓመት በዓመት ካሰላነው በ70 ሳንቲም ገደማ ይበልጣል። አቋራጭ ግምት እንጂ ትክክለኛ ስሌት ስላልሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ መክሰሚያው ጊዜ በረዘመ፣ የሁለቱ ዕድገቶች ልዩነትም በሰፋ ቁጥር ስህተቱ ይጨምራል።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። በአሥር ዓመት ቀስ እያለ የሚከስም ዕድገት ዋጋው፣ ለአምስት ዓመት ሳይነቃነቅ ቆይቶ በድንገት ከሚቆም ዕድገት ዋጋ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛውን ስናሰላው 33.01 ዶላር ይመጣል። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ ኩባንያ ለአሥር ዓመት በ9 በመቶ ያድጋል» ብሎ በድንገተኛው ስሌት ከሠራ፣ ሳያውቀው ዕድገቱ በሃያ ዓመት ውስጥ ነው የሚከስመው ብሎ እየተወራረደ ነው።

አሁን ወደ እርማቱ እንሂድ። ኮካ ኮላ ከ2013 እስከ 2022 የከፈለው ድርሻ በቅደም ተከተል 1.12፣ 1.22፣ 1.32፣ 1.40፣ 1.48፣ 1.56፣ 1.60፣ 1.64፣ 1.68 እና 1.76 ዶላር ነው። ጭማሪዎቹን ብቻ ነጥሎ ማየት ደስ ይላል፦ ሦስት ጊዜ አሥር ሳንቲም፣ ሦስት ጊዜ ስምንት፣ ሦስት ጊዜ አራት፣ በመጨረሻም እንደገና ስምንት። ቦርዱ የሚያስበው በሳንቲም ነው። ጭማሪው በሳንቲም እኩል ሆኖ ሲቀጥል ደግሞ በመቶኛ በየዓመቱ ያንሳል፤ ድርሻው 1.02 ሲሆን አሥር ሳንቲም 10 በመቶ ነው፣ ድርሻው 1.22 ሲደርስ ግን ከ8 በመቶ እምብዛም አይበልጥም። ዕድገት የሚከስመው አንዳንዴ ማንም ሳይወስነው ነው።

በ2022 ድንገተኛው ስሌት 2.41፣ ቀስ በቀስ የሚከስመው 1.87 ገምተው ነበር። የተከፈለው 1.76 ነው። የአሥሩን ዓመታት ድርሻ ወደ 2012 መጨረሻ መልሰን ስንደምረው 9.63 ዶላር ይሆናል፤ የሚከስመው ስሌት ያለው 9.70 ነበር። በሰባት ሳንቲም ብቻ ነው የሳተው። እንዲህ መቀራረቡ ከፊሉ ዕድል ነው። በሌላ ኩባንያ ላይ እንዲሁ ይሰምራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ሊያዝን ይችላል።

ዕድገቱ እንደሚከስም ግን ቀድሞ የሚያሳይ ምልክት ነበረ፤ የታየውም ከድርሻው ቁጥር ሳይሆን ከትርፉ ነው። በ2012 ኩባንያው በአንድ አክሲዮን 1.97 ዶላር አትርፎ 1.02 ከፈለ፤ ይህ ከትርፉ ግማሽ ያህሉ ነው። በ2016 ትርፉ ወደ 1.49 ወርዶ ሳለ ድርሻው 1.40 ደረሰ። በ2018 ደግሞ 1.50 አትርፎ 1.56 ከፈለ፤ ከትርፉ በላይ ማለት ነው። በእነዚህ ዓመታት የዶላር መጠንከር ከሌሎች አገሮች የሚመጣውን ገቢ አሳንሶበታል፤ ባደጉት አገሮች ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥ የሚተው ሰው እየበዛ ሄዷል፤ ኩባንያው ራሱም የጠርሙስ ፋብሪካዎቹን ለሌሎች እያስተላለፈ ስለነበር በ2012 48 ቢሊዮን ዶላር የነበረው ዓመታዊ ሽያጩ በ2017 ወደ 35 ቢሊዮን ወርዷል።

ድርሻ ከትርፍ ፈጥኖ ሲያድግ የሚያድገው ከመጪው ጊዜ እየተበደረ ነው። አንድ ኩባንያ በዘላቂነት ሊያድግ የሚችለው ከትርፉ ያልከፈለውን ገንዘብ መልሶ ሥራ ላይ በማዋል ነው። ካተረፈው ግማሹን አስቀርቶ፣ ባስቀረው ላይ 18 በመቶ ቢያተርፍ 9 በመቶ ያድጋል። ምንም ካላስቀረ፣ ዋጋ ከመጨመር በስተቀር፣ ዕድገቱ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ባለ ሁለት ምዕራፍ ስሌት የሚሠራ ሰው ያለፉትን ዓመታት የድርሻ ዕድገት ብቻ ቀድቶ ማስገባት የለበትም። ድርሻው ከትርፉ ምን ያህል እጅ እንደሆነ፣ ይህም ቁጥር ወደ ላይ እየሄደ መሆን አለመሆኑን ማየት አለበት። በተቃራኒው ደግሞ ዕድገቱ ወደ 4 በመቶ ከወረደ በኋላ ኩባንያው ብዙ ማስቀረት አያስፈልገውም። ባስቀረው ላይ 12 በመቶ የሚያተርፍ ከሆነ ለ4 በመቶ ዕድገት ሲሶውን ማስቀረት ይበቃዋል። ስለዚህ ቀሪውን ሁለት ሦስተኛ ሊከፍል ይችላል። በሁለተኛው ምዕራፍ ዕድገቱን ብቻ አውርዶ የሚከፈለውን እጅ እንደነበረ የሚተው ሰው አክሲዮኑን አለአግባብ ያራክሰዋል።

ስሌቱ የሳተው ሌላ ቦታ ነው። ለ2022 መጨረሻ የገመተው ዋጋ 48 ዶላር ተኩል ገደማ ነበር። በገበያ ላይ አክሲዮኑ የተሸጠው ከ63 ዶላር በላይ ነው። በ2012 መጨረሻ በ36 ዶላር የገዛ ሰው ድርሻውንና የዋጋ ጭማሪውን ይዞ በየዓመቱ 9 በመቶ ገደማ አግኝቷል፤ ስሌቱ 8 እንኳ አታገኝም ብሎት እያለ። ድርሻዎቹ እንደተገመተው መጡ፤ የተለወጠው ለእነሱ የሚከፈለው ዋጋ ነው። የ2023ን 1.84 ዶላር ድርሻ ይዘን፣ 4 በመቶ ዕድገት ብለን ወደ ኋላ ስናሰላ፣ በ63 ዶላር የገዛው ሰው ከ7 በመቶ እምብዛም የማይርቅ ተመላሽ ይበቃኛል ያለ ይመስላል። ወይም የ8 በመቶ ፍላጎቱን ሳይለቅ ለዘላለም ከ5 በመቶ በላይ ያድጋል ብሎ አምኗል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ዋጋው አይናገርም።

ይህ የስሌቱ ስስ ብልት ነው። ካገኘነው 32.20 ውስጥ 70 በመቶው የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ ካለው ዘመን ነው። ያ ዘመን ደግሞ የተንጠለጠለው በተመላሽና በረጅሙ ዕድገት ልዩነት ላይ ነው። በአቋራጩ ስሌት ሌላውን ሳንነካ የሚፈለገውን ተመላሽ ከ8 ወደ 7 ብናወርደው 32.90 የነበረው 43.86 ይሆናል፤ ወደ 9 ብናወጣው 26.32። የረጅሙን ዕድገት ከ4 ወደ 5 ብናሳድገው 42.50፣ ወደ 3 ብናወርደው 27.13። በየአቅጣጫው አንድ በመቶ ብቻ ነው የተነካው። ስለዚህ «የአክሲዮኑ ትክክለኛ ዋጋ 32.90 ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥም ሳንቲሞቹን ችላ ማለት ይሻላል።

እኔ ስሌቱን የምወደው ገልብጦ መጠቀም ስለሚቻል ነው። ዋጋውን ከመፈለግ ይልቅ ገበያው ያወጣውን 36 ዶላር ይዞ «ይህ ዋጋ ምን ቢሆን ነው ልክ የሚሆነው?» ብሎ መጠየቅ። ከ36 ላይ 26.52 ሲቀነስ 9.48 ዶላር ይቀራል፤ ይህ ለሚከስመው ዕድገት የተከፈለው ነው። H በአንድ ዓመት ሲጨምር ዋጋው 1.27 ዶላር ያህል ስለሚጨምር H ሰባት ተኩል ግድም ይሆናል። ገበያው ዕድገቱ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ይከስማል እያለ ነበር ማለት ነው። ይህን ስለ ለስላሳ መጠጥ ገበያ የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ሊከራከርበት ይችላል፤ «32 ነው ወይስ 39?» ከሚለው ይልቅ።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2025 ሥራ ከጀመረና ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ከሆነ ወዲህ ይህ ስሌት ለእኛም ሩቅ አይደለም። የአገር ውስጥ ባንኮች ትርፋቸውን የሚያከፋፍሉ ስለሆኑ በሐሳብ ደረጃ ለስሌቱ የተመቹ ናቸው። ግን ከኒው ዮርክ ቁጥሮች ጋር እንዳለ መቅዳት ያሳስታል።

በመጀመሪያ ብሩ። ዕድገቱ በብር ከተቆጠረ የሚፈለገው ተመላሽም በብር መቆጠር አለበት፤ የዋጋ ንረት ከአሥር በመቶ በላይ በሚሄድበት ጊዜ 8 በመቶ ተመላሽ ማለት ኪሳራ ነው። በ2019 የወጣው ሕግ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮን እንዲገዙ ከፈቀደ ወዲህ ደግሞ በዶላር እያሰቡ በብር ድርሻ የሚቀበሉ ሰዎች አሉ። በሐምሌ 2024 መጨረሻ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያ ዓመት በብር 20 በመቶ ያደገ ድርሻ በዶላር ሲታይ ቀንሷል። በዶላር የሚያስብ ሰው ድርሻውን መጀመሪያ ወደ ዶላር ለውጦ ዕድገቱን ከዚያ ይቁጠር።

ሁለተኛው የካፒታል ማሳደጊያው ነው። ብሔራዊ ባንክ የነባር ባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ እንዲያደርጉ ማዘዙ ብዙ ባንኮች አዲስ አክሲዮን እንዲሸጡ ገፍቷቸዋል። የባንኩ ጠቅላላ ትርፍ በ25 በመቶ አድጎ የአክሲዮኖቹም ብዛት በ25 በመቶ ከጨመረ አንድ አክሲዮን የሚደርሰው ድርሻ አላደገም። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚነበበው የትርፍ ዕድገት ስሌቱ ውስጥ የሚገባው gS አይደለም። የሚገባው በአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ብር ዕድገት ነው።

ባለአክሲዮኑ ድርሻውን በጥሬ ገንዘብ ሳይወስድ አዲስ አክሲዮን ሲገዛበት ነገሩ ትንሽ ይጠመዝዛል። እንበል አንድ ሰው መነሻ ዋጋው 1,000 ብር የሆነ አክሲዮን አለው፤ 250 ብር ድርሻ ደርሶታል፤ የሚፈልገው ተመላሽ 25 በመቶ ነው፤ ዕድገቱ ከ20 ወደ 10 በመቶ በስምንት ዓመት ይከስማል ብሎ ገምቷል። በአቋራጩ ስሌት፣ H አራት ሲሆን፣ የአክሲዮኑ ዋጋ 2,500 ብር ይመጣል። ይህ ልክ የሚሆነው 250 ብሩ ኪሱ ከገባ፣ 20 በመቶውም የአንዱ አክሲዮን ድርሻ ዕድገት ከሆነ ነው። ከ250ው መቶ ብሩን አዲስ አክሲዮን ከገዛበት በሚቀጥለው ዓመት የሚቀበለው ጠቅላላ ብር ይጨምራል፤ ግን የጨመረው ከፊሉ መቶ ብሩን ስላስቀመጠ ነው። ያንን ጭማሪ እንደ ዕድገት ቆጥሮ፣ መቶ ብሩንም እንደተከፈለው ድርሻ ከቆጠረ አንዱን ገንዘብ ሁለቴ ቆጥሮታል። ወይ 250ውን ሙሉ ይዞ በአንድ አክሲዮን ዕድገት ማስላት አለበት፤ ወይ እጁ የገባውን 150 ብቻ ይዞ በእጁ ያሉት አክሲዮኖች መብዛታቸውን ጭምር ዕድገቱ ውስጥ ማስገባት። ከሁለቱ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በዚያው መሄድ ይኖርበታል።